የትዕዛዝ መቀበያ ደብዳቤ፦ ዋጋን፣ የአከፋፈል ሁኔታንና የጭነት ቀንን ለገዢው መልሶ ስለመጻፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቢቸናና በአካባቢው ጤፍ በጅምላ የሚሸጡና ከአዲስ አበባ ትዕዛዝ የሚቀበሉ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎቻቸው በየጊዜው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰባሰበ።

የትዕዛዝ መቀበያ ደብዳቤ ምንድን ነው? ከፕሮፎርማና ከደረሰኝ በምን ይለያል?

የትዕዛዝ መቀበያ ደብዳቤ ሻጩ ትዕዛዙ እንደደረሰው ገልጾ፣ በምን ዋጋ፣ በምን ዓይነት አከፋፈልና በየትኛው ቀን ጭኖ እንደሚልክ መልሶ በመጻፍ ገዢው እንዲያረጋግጥለት የሚልከው ደብዳቤ ነው። አንዳንዶች የትዕዛዝ ማረጋገጫ ይሉታል፤ ነገር ግን የሚያረጋግጠው ገዢው ስለሆነ በሻጩ ደብዳቤ ላይ «መቀበያ» የሚለውን ስም ብንጠቀም ሁለቱ ወረቀቶች አይምታቱም።

ፕሮፎርማ ገና ያልታዘዘ ዕቃ ዋጋ ማሳወቂያ ነው፤ ገዢው ከሦስትና ከአራት ቦታ ሰብስቦ ሊያወዳድረው ይችላል። ደረሰኝ ደግሞ ሽያጩ ከተፈጸመ በኋላ የሚቆረጥ ነው። የመቀበያ ደብዳቤው በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ከትዕዛዙ በኋላ፣ ገንዘብም ዕቃም ከመንቀሳቀሱ በፊት ይላካል።

ገዢው ትዕዛዙን በጽሑፍ ልኮልን እያለ ዋጋውንና ቀኑን ለምን መልሰን እንጽፋለን?

ገዢው የጻፈውና ሻጩ የተረዳው ብዙ ጊዜ አንድ ስለማይሆን ነው። አንድ የእንጀራ አቅራቢ ከአዲስ አበባ «120 ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ በኩንታል 12,800 ብር፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ» ብሎ አዘዘ እንበል። ዋጋው እዚህ ላይ ለምሳሌ ብቻ የተወሰደ ነው። ሻጩ 12,800 ብር ማለት ቢቸና መጋዘን ላይ የሚከፈለው እንደሆነ ያስባል፤ ገዢው ደግሞ አዲስ አበባ መጋዘኑ በር ላይ እንደሚረከብ ያስባል። የመኪና ኪራዩ በኩንታል 350 ብር ቢሆን ልዩነቱ 42,000 ብር ነው፤ ይህም የሚታወቀው ሾፌሩ ኪራዩን ሲጠይቅ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው ትዕዛዙን ቃል በቃል የሚገለብጥ መሆን የለበትም። በትዕዛዙ ውስጥ ያልተባለውንና ሻጩ በልቡ የያዘውን አውጥቶ መጻፍ ይኖርበታል። ደብዳቤውን የሚያረቅቅ ሰው ትዕዛዙን አንድ ጊዜ በገዢው ዓይን፣ አንድ ጊዜ በሾፌሩ ዓይን ቢያነበው የጎደለው ነገር ፈጥኖ ይታየዋል።

ዋጋው እንዴት ተደርጎ ቢጻፍ ለክርክር በር አይከፍትም?

የአንዱ ኩንታል ዋጋ፣ የኩንታሉ ብዛትና ጠቅላላው ድምር ሦስቱም ይጻፋሉ፤ ድምሩ በአኃዝም በፊደልም ይሰፍራል። ከዚያም ዋጋው የት ላይ እንደሆነ ይገለጻል። «ቢቸና ከሚገኘው መጋዘናችን በር ላይ፣ በመኪና ላይ ተጭኖ» ማለት የማስጫኛው ወጪ የሻጩ፣ ኪራዩ፣ በመንገድ ላይ የሚጠየቀው የኮቴ ክፍያና የማራገፊያው ወጪ ደግሞ የገዢው ነው ማለት ነው። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከዋጋው ቀጥሎ ያየናቸው ክርክሮች አብዛኛዎቹ የሚነሱት በማስጫኛና በማራገፊያ ላይ ነው።

ክብደቱ የተጣራ ነው ወይስ ከነጆንያው የሚለውም አብሮ መጻፍ አለበት። አንድ የቃጫ ጆንያ አንድ ኪሎ ያህል ቢመዝን በ120 ጆንያ 120 ኪሎ ይሆናል፤ በ12,800 ብር ሂሳብ ይህ 15,360 ብር ነው። «100 ኪሎ የተጣራ ጤፍ፣ የጆንያው ክብደት ሳይጨምር» የሚል አንድ ሐረግ ይህን ይዘጋዋል። በተጨማሪም የሚመዘነው በማን ሚዛን እንደሆነ፣ ማለትም በሻጩ መጋዘን ሚዛን ወይም ገዢው በሚረከብበት ሚዛን፣ እንዲሁም ሁለቱ ቢለያዩ የትኛው እንደሚጸና ይገለጻል።

በሚሸጠው ዕቃ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈል ከሆነ ዋጋው ታክሱን የሚጨምር መሆኑ ወይም አለመሆኑ በግልጽ ይጻፋል። መደበኛው ምጣኔ 15 በመቶ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ በእያንዳንዱ 1,000 ብር ላይ 150 ብር አከራካሪ አድርጎ መተው ነው።

ገዢው አስቀድሞ የሚከፍለውን ገንዘብ «ቀብድ» ብለን ብንጽፍ ችግር አለው?

አለው፤ በዚህ ገጽ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጥ ልናሳስብበት የምንፈልገው ይህንን ነው። በገበያ ቋንቋ ቀብድም ቅድሚያ ክፍያም አንድ ሆነው ይነገራሉ፤ በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ባሉት ድንጋጌዎች ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ ከገለጸ በኋላ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን በመልቀቅ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል፣ የተቀበለው ወገን ደግሞ እጥፉን በመመለስ ሊያፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል።

በምሳሌያችን ላይ እናስላው። የ120 ኩንታሉ ጠቅላላ ዋጋ 1,536,000 ብር ነው፤ ከዚህ 40 በመቶው 614,400 ብር ይሆናል። በደብዳቤው ላይ «614,400 ብር ቀብድ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ገና የጤፍ ዋጋ ሲወርድ ገዢው ይህን ገንዘብ ትቶ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ሻጩ ልውጣ ቢል 1,228,800 ብር መመለስ ይኖርበታል። ሁለቱም ወገኖች ይህን አስበው ከተስማሙ መልካም ነው፤ አስበውት ሳይሆን ከልማድ የተጻፈ ከሆነ ግን ማንም ያልፈለገው የመውጫ በር ተከፍቷል ማለት ነው።

ዓላማው የዋጋውን አንድ ክፍል አስቀድሞ መቀበል ብቻ ከሆነ «ከጠቅላላው ዋጋ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ገዢው በቃል «ቀብዱን ልኬያለሁ» ቢል እንኳ በመልሱ ላይ «ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብለናል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የእኛም ጸሐፊዎች ይህን ቃል ለማረም ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ቀሪው ክፍያ መቼ ይከፈላል ብለን እንጻፍ?

«ቀሪው ዕቃው ሲደርስ ይከፈላል» የሚለው አጻጻፍ ለሁለቱም አይበጅም። መድረስ ማለት መኪናው ከተማው ሲገባ ነው፣ በር ላይ ሲቆም ነው ወይስ ጤፉ ተራግፎ ሲያልቅ? ጭነቱ በሁለት ጊዜ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቀሪው የሚባለው የየትኛው ጭነት ነው? ክፍያውን ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር ማያያዝ ይሻላል። ከ1,536,000 ብር ላይ ቅድሚያው 614,400 ብር ሲቀነስ 921,600 ብር ይቀራል፤ ጭነቱ 60 እና 60 ኩንታል ተብሎ ከተከፈለ ለእያንዳንዱ 460,800 ብር ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛው ጭነት በሆነ ምክንያት ቢቀር ማን ለማን ስንት እንደሚመልስ ለማወቅ አያስቸግርም።

የክፍያው ጊዜ የሚቆጠርበት ነጥብም መታወቅ አለበት። ገዢው የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት ፎቶ በስልክ ስለላከ ብቻ መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም፤ ስለዚህ «ገንዘቡ በሂሳባችን መግባቱ በባንክ ሲረጋገጥ» ተብሎ ይጻፍ፤ የባንኩ ስም፣ የሂሳቡ ባለቤት ስምና የሂሳብ ቁጥሩ በደብዳቤው ላይ ይስፈሩ። ገዢው ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ቀንሶ የሚያስቀር ድርጅት ከሆነም ይህንኑ አስቀድሞ እንዲገልጽ ይጠየቅ፤ አለበለዚያ በሂሳቡ የገባው ገንዘብ ከተጻፈው ሲያንስ ሻጩ ክፍያው እንደጎደለ ቆጥሮ መኪናውን ያቆማል።

የጭነት ቀኑን እንዴት እንጻፍ? «10/4/2018» ማለት አይበቃም?

አይበቃም። አንባቢው የሂሳብ ሠራተኛ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ቀኑን በሌላ መንገድ ሊያነበው ይችላል። እኛው ራሳችን በአንድ ወቅት «ታኅሣሥ 10» ብለን የጻፍነውን የገዢው ቢሮ ወደ ራሱ መዝገብ ሲያዛውር «ዲሴምበር 10» ብሎ ይዞት፣ አራጋፊዎቹ ታኅሣሥ 1 ቀን ሲጠብቁን ውለዋል። ሁለቱ ቀኖች በዘጠኝ ቀን ይለያያሉ። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ የሳምንቱን ቀን ብንጨምርበት ኖሮ አለመግባባቱ ወዲያው ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሰኞ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ዲሴምበር 15 ቀን 2025» ብለን ሁለቱንም እንጽፋለን። ሰዓቱም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ «2 ሰዓት» ብቻ ከሆነ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም።

የሚጻፈው ቀን የመጫኛ ነው ወይስ የመድረሻ? ሁለቱን ለይቶ መጻፍ የሻጩ ግዴታ መሆን አለበት። ሻጩ በእጁ ያለው መኪናው ተመዝኖ ከመጋዘን የሚወጣበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው በደጀን አድርጎ የአባይን በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ በዚያ ቁልቁለትና ዳገት ላይ የተጫነ መኪና በዝግታ ነው የሚሄደው፤ መንገዱም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የመጫኛው ቀን እንደ ቃል ኪዳን፣ የመድረሻው ቀን ግን እንደ ግምት ይጻፋል፤ መኪናው እንደወጣም የሰሌዳ ቁጥሩና የሾፌሩ ስልክ ለገዢው እንደሚላክ ይገለጻል።

የጭነቱ ቀን ቅድሚያ ክፍያው በጊዜው ከመግባቱ ጋር መያያዝም አለበት። ክፍያው ሦስት ቀን ዘግይቶ ጭነቱ በተጻፈው ቀን ይሂድልኝ የሚል ገዢ ያጋጥማል፤ ደብዳቤው ዝም ካለ ጥያቄው ያላግባብ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የተሟላ ደብዳቤ ምን ይመስላል?

ከላይ ያየነው ትዕዛዝ በመቀበያ ደብዳቤ መልክ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል። አጭር ነው፤ ገዢው ቆሞ ሊያነበው ይችላል።

> ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ጉዳዩ፦ የነጭ ጤፍ ትዕዛዝዎን ስለመቀበል
>
> ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. የላኩልን ትዕዛዝ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ትዕዛዝዎን የተረዳነው እንደሚከተለው ስለሆነ አንብበው እንዲያረጋግጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።
>
> ዕቃውና ዋጋው፦ 120 ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ እያንዳንዱ 100 ኪሎ የተጣራ፣ በኩንታል 12,800 ብር፣ በጠቅላላው 1,536,000 (አንድ ሚሊዮን አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሺህ) ብር። ዋጋው ቢቸና መጋዘናችን በር ላይ በመኪና ላይ ተጭኖ ነው፤ የመኪና ኪራይ፣ የኮቴና የማራገፊያ ወጪ የገዢው ነው። ክብደቱ በመጋዘናችን ሚዛን፣ ወኪልዎ ባለበት ይመዘናል፤ የጸና የሚሆነውም ይኸው ነው።
>
> አከፋፈሉ፦ 614,400 ብር ቅድሚያ ክፍያ እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በሂሳባችን ይገባል፤ ይህ ከጠቅላላው ዋጋ የሚታሰብ እንጂ ቀብድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጭነት በፊት 460,800 ብር ይከፈላል።
>
> ጭነቱ፦ 60 ኩንታል ሰኞ ታኅሣሥ 6፣ ቀሪው 60 ኩንታል ሰኞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም. (ዲሴምበር 15 እና 22 ቀን 2025) ከመጋዘናችን ይወጣል። ክፍያው ከዘገየ ጭነቱ በዘገየው ቀን ልክ ይገፋል።
>
> ይህን ዋጋ የምናጸናው እስከ ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ካረጋገጡልን ነው።

ከሥር ለገዢው ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን ቦታ ይተዋል። ትዕዛዙ ዋጋው አዲስ አበባ ላይ እንደሆነ የሚል ከነበረና ሻጩ ቢቸና ላይ ብሎ ከጻፈ፣ ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ማሳየት ይገባል። ልዩነቱን በጽሑፉ መካከል ሸፍኖ ማስፈረም ጊዜያዊ ጥቅም ቢሰጥም ገዢው በሁለተኛው ጭነት አይመለስም።

ገዢው ለደብዳቤው ምንም መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል?

በመርሕ ደረጃ አይቆጠርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። በቁጥር 1684 የተቀመጠው ልዩ ሁኔታ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቀድሞ የነበረ የሥራ ግንኙነት መኖር አለበት፣ በተጨማሪም መልስ ካልተሰጠ እንደተስማሙ እንደሚቆጠር የሚያስታውቅ ልዩ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ትዕዛዝ ለሚሰጥ ገዢ «ካልመለሱልን እንደተስማሙ እንቆጥራለን» ብሎ መጻፍ ሻጩን አይጠብቀውም።

ስለዚህ መልስ ያልመጣበትን ትዕዛዝ መጫን አይገባም። መልስ መስጫው ቀን አንድ ቀን ሲቀረው ስልክ ተደውሎ ይጠየቅ፤ ገዢው በቃል እሺ ካለ «አሁን በስልክ ያሉኝን በአጭሩ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ይባል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ዋጋው መጽናቱን ወይም መቀየሩን የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ይላካል እንጂ አሮጌው አይታደስም።

ገዢው በቴሌግራም «እሺ፣ ተስማምቻለሁ» ብሎ ቢመልስ ይበቃል?

የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ በመርሕ የተለየ ፎርም አይጠየቅበትም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላከ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈገው ይደነግጋል። የሚያስቸግረው ማስረዳቱ ነው፦ «እሺ» የተባለው ለየትኛው ደብዳቤ ነው? የጻፈውስ ሰው ድርጅቱን የማስገደድ ሥልጣን አለው?

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። ለደብዳቤው ቁጥር ይሰጠው፤ ገዢውም በመልሱ የደብዳቤውን ቁጥርና ጠቅላላውን ዋጋ እንዲጠቅስ ይጠየቅ። «በቁጥር 41 በላኩልኝ ደብዳቤ መሠረት በ1,536,000 ብር ተስማምቻለሁ» የሚል መልእክት ከባዶ «እሺ» እጅግ ይሻላል። ከዚያ የተፈረመበት ወረቀት ተነሥቶ በፎቶ ቢላክ ደግሞ የተሟላ ይሆናል።

ገዢው «ተስማምቻለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም ጭነት በአንድ ጊዜ ታኅሣሥ 6 ይሁን» ብሎ ቢመልስስ?

ይህ መስማማት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1694 መሠረት ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል የማይገጥም ወይም ቅድመ ሁኔታ የተጨመረበት መልስ የቀረበውን እንደ መንቀፍና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። ስለዚህ በዚህ ሰዓት ተራው የሻጩ ነው፤ በአዲሱ ቀን ከተስማማ ይህንኑ ጽፎ መመለስ ይኖርበታል።

ብዙ ሻጮች «ተስማምቻለሁ» የሚለውን የመጀመሪያ ቃል አይተው ወደ መጫን ይሄዳሉ። 60 ኩንታል ብቻ ጭነው ሲልኩ ገዢው 120 እንደጠየቀ ያስታውሳቸዋል፤ እነሱም ደብዳቤያቸውን ያሳያሉ። ሁለቱም እውነት ይመስላሉ፤ ሻጩ ግን በአዲሱ ሐሳብ ላይ መልስ ሳይሰጥ ዕቃ መጫኑ ሐሳቡን በድርጊት እንደተቀበለ ሊያስቆጥርበት ይችላል፤ ሕጉ መቀበል በድርጊትም ሊገለጽ እንደሚችል ያውቃልና።

የመጀመሪያው ጭነት ከሄደ በኋላ ዋጋ ቢጨምር ወይም መንገድ ቢዘጋ ምን ይደረጋል?

ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዋጋው ከተረጋገጠ በኋላ ጤፍ መወደዱ ብቻ ሻጩን ነጻ አያወጣውም፤ ሁለተኛው 60 ኩንታልም በ12,800 ብር መሄድ አለበት። ይህን የሚሠጋ ሻጭ መፍትሔውን መፈለግ የነበረበት ከማረጋገጫው በፊት ነው፤ ለምሳሌ «ይህ ዋጋ ለመጀመሪያው ጭነት ብቻ ነው፤ የሁለተኛው ዋጋ ታኅሣሥ 9 ቀን በጽሑፍ ይወሰናል» ብሎ። ገዢው ይህን አይቀበል ይሆናል፤ ነገር ግን ድርድሩ ጤፉ ከመጋዘን ሳይወጣ ይካሄዳል።

መንገድ ሲዘጋ ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሻጩ መኪናው እንዳልወጣ ባወቀበት ቀን ለገዢው ማስታወቅ፣ ጤፉ ተመዝኖና ተለይቶ በመጋዘን መቀመጡንም መግለጽ አለበት። ከዚያም የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን የሚጠቅስ «ማሻሻያ 1» የሚል አጭር ደብዳቤ ይላካል። በዚህ ማሻሻያ ላይ የተቀየረው የጭነት ቀን ብቻ መሆኑ፣ ዋጋውና አከፋፈሉ እንደነበሩ መጽናታቸው፣ የተከፈለው 460,800 ብርም ካለ ለየትኛው ቀን ጭነት እንደተያዘ ይጻፋል። ገዢው ማሻሻያውን እንደ መጀመሪያው ሁሉ ፈርሞ ይመልሳል፤ እስኪመልስ ድረስ አዲሱ የጭነት ቀን የሻጩ ሐሳብ ብቻ ነው።